የቆዳ ቅባት ስትሸጡ «ያድናል» የሚለው ቃል የሚያመጣው ጣጣ

አሜሪካ ውስጥ ቤታቸው የሠሩትን ቅባት፣ ሳሙናና የፀጉር ዘይት በኤትሲ ወይም በአማዞን የሚሸጡ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ብልቃጡ ያምራል፤ ፎቶው ተለፍቶበታል። ከዚያ አንድ ቀን ኢሜይል ይመጣል፦ ምርትዎ መመሪያችንን ስለጣሰ ከገበያው አውርደነዋል ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደጣሰ አይናገርም። ሻጩ ግራ ይገባዋል። ቅባቱ ንጹህ ነው፤ ማንንም አልጎዳም። ታዲያ ምን አጠፋሁ ይላል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር አይደለም። ስለ እሱ የተጻፈው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕጉ ነው። የአሜሪካ የምግብ፣ የመድኃኒትና የኮስሞቲክስ ሕግ የወጣው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዛሬም መሠረቱ እሱ ነው። ይህ ሕግ ኮስሞቲክስ የሚለው ሰውነት ላይ የሚቀባ፣ የሚፈስ፣ የሚነሰነስ ወይም የሚረጭ ሆኖ፣ ለማጽዳት፣ ለማስዋብ ወይም መልክን ለመለወጥ የታሰበን ነገር ነው። መድኃኒት የሚለው ደግሞ በሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው፣ በሽታን ለመመርመር፣ ለማዳን፣ ለማስታገስ፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ የሰውነትን ቅርጽ ወይም አሠራር ለመለወጥ የታሰበ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ቃል «የታሰበ» የሚለው ነው። ምግብን፣ መድኃኒትንና ኮስሞቲክስን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት፣ የኤፍዲኤ ማለት ነው፣ ሰዎች ምን እንዳሰባችሁ በዋናነት የሚያውቁት ከተናገራችሁት ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የመሸጫ ገጹ፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ልጥፉ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቅባት በሁለት ብልቃጥ ብትሞሉና በአንዱ ላይ «ደረቅ ቆዳን ያለሰልሳል»፣ በሌላው ላይ «ኤግዚማን ያድናል» ብትጽፉ፣ የመጀመሪያው ኮስሞቲክስ ነው። ሁለተኛው በሕግ ዓይን ፈቃድ የሌለው መድኃኒት ነው። ከአንድ ድስት ወጥተው ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ግን እኮ እውነት ነው፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። ቅባቱ በእርግጥ ብጉር ቢያጠፋ እንኳ፣ ብጉር ያጠፋል ብላችሁ ስትሸጡት መድኃኒት ሸጣችኋል። መድኃኒት ደግሞ የራሱ ምዝገባ፣ የራሱ የአመራረት ደንብና የራሱ የሌብል አጻጻፍ አለው። እንዲያውም እውነት መሆኑን አጥብቃችሁ በተከራከራችሁ ቁጥር መድኃኒት ነው የሚለውን ክስ እያጠናከራችሁት ነው።

ገበያዎቹ ከሕጉ ቀድመው የሚጠነቀቁበት ምክንያትም ይኸው ነው። ኤትሲም አማዞንም በሽታን እናክማለን የሚሉ ምርቶችን በመመሪያቸው ይከለክላሉ። ማጣሪያቸው በአብዛኛው ኮምፒውተር ነው፤ የበሽታ ስም ሲያይ ያነሳል። ሐሳቡን ወይም ቅንነታችሁን አያነብም።

አሁን አንድ ማስታወቂያ እንይ። የማንም አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ በብዛት ስለሚታይ ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀሁት ነው። ዕቃው ሺያ ቅቤ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የንብ ሰም ያለበት የሰውነት ቅባት ነው፤ መጠኑ 4 አውንስ።

«የአያቶቻችን ፍቱን ቅባት! ኤግዚማን፣ ብጉርንና ማድያትን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል። ጥቁር አዝሙድ እብጠት ይቀንሳል፣ ባክቴሪያ ይገድላል፣ የደም ዝውውር ያፋጥናል። የፊት መጨማደድን ያስወግዳል። መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም። ልጄ ኤግዚማ ነበረበት፤ ይህን ቀብቼው ድኗል።»

ለእኛ ጆሮ ይህ አዲስ ነገር የለውም። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ለአሜሪካ ገበያ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ሳይነካ የሚያልፍ ዓረፍተ ነገር አንድም የለም ማለት ይቻላል።

ከበሽታዎቹ ስም እንጀምር። ኤግዚማ፣ ብጉርና ማድያት ሦስቱም የቆዳ ሕመም ስሞች ናቸው። ስሙን መጥራት ብቻ ይበቃል፤ «ያድናል» የሚለው ግስ ባይኖርም ያው ነው። «ለኤግዚማ ቆዳ የሚመች» ወይም «ኤግዚማ ላለባቸው» ብሎ ማለሳለስ ሻጮች የሚወዱት ዘዴ ነው፤ ማጣሪያው ግን እሱንም ያነሳዋል፤ ሕጉም በጥርጣሬ ነው የሚያየው። መውጫው ከበሽታው ወደሚታየውና ወደሚዳሰሰው ነገር መመለስ ነው። ኤግዚማ ያለበት ሰው ቆዳው ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ይወጠራል። ድርቀት በሽታ አይደለም። ስለዚህ «ደረቅ፣ ሸካራና የተወጠረ ቆዳን ያለሰልሳል» ማለት ይቻላል። ያ ሰው ቆዳውን ያውቀዋል፤ ሲያነበው ለእሱ እንደሚሆን ይገባዋል።

ብጉር ላይም እንዲሁ ነው። «ለወዛም ቆዳ» ይባላል፤ «ፊትን ያጸዳል፣ ወዝን ያነሳል» ይባላል። እርግጥ ይህ የሺያ ቅቤ ቅባት ለወዛም ፊት አይሆንም። ወፍራም ነው። እዚህ ላይ ቃሉን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን ተስፋውንም መተው ነው የሚሻለው። ለሁሉም ቆዳ ይሆናል የሚል ቅባት ቅሬታ ማብዛቱ አይቀርም።

ማድያት ከሁለቱም ይከብዳል። ስለ እሱ ትንሽ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ቀጥሎ ያለው «እብጠት ይቀንሳል፣ ባክቴሪያ ይገድላል፣ የደም ዝውውር ያፋጥናል» የሚለው ነው። እዚህ የበሽታ ስም የለም። ስለዚህ ብዙዎች ችግር ያለበት አይመስላቸውም። ሕጉ ግን ሁለተኛ በር እንዳለው አይተናል፦ የሰውነትን አሠራር እለውጣለሁ ማለት። ደም በፍጥነት እንዲዘዋወር ማድረግ፣ ኮላጅን ማመንጨት፣ ፀጉር ማብቀል፣ ሴል ማደስ ሁሉም በዚህ በር ይገባሉ። ይህ ትናንሾቹን ብቻ የሚይዝ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ኤፍዲኤ ለታዋቂው የመዋቢያ ኩባንያ ላንኮም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ኩባንያው ክሬሞቹ የጂኖችን እንቅስቃሴ እንደሚያነቃቁ በድረ ገጹ ላይ አስተዋውቆ ነበርና ነው። ክሬሙ ላይ ጎጂ ነገር ተገኘ አልተባለም። የተነሳው ጉዳይ አነጋገሩ ነበር።

«ባክቴሪያ ይገድላል» የሚለው በተለይ ይጠንቀቁበት የሚባል ነው። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ይህን በደንብ ሊያውቁት ይገባል። በአሜሪካ ከዘይትና ከአልካሊ የተሠራ እውነተኛ ሳሙና፣ ሳሙና ነው ተብሎ ብቻ ከተሸጠ ኮስሞቲክስ እንኳ አይባልም፤ የሚመለከተውም ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ቆዳ ያለሰልሳል ስትሉ ኮስሞቲክስ ይሆናል። ጀርም ይገድላል ስትሉ መድኃኒት ይሆናል። ሳሙናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ መስመር ነው። በዚያው ላይ የሎሚ ሣር ዘይት ያለበት ቅባት ይዛችሁ «ትንኝ ያባርራል» ካላችሁ ደግሞ የተባይ ማጥፊያዎችን የሚቆጣጠረው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ክልል ውስጥ ገባችሁ። አማዞን ላይ ሳይታሰብ ዕቃ ከሚወርድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

«የፊት መጨማደድን ያስወግዳል» ከሚለው ጋር «የመጨማደድን መልክ ይቀንሳል» የሚለውን አስተያዩት። ሁለተኛው የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ትክክለኛ ነው። ወፍራም ቅባት ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ድርቀት የሚያጎላቸው ቀጫጭን መስመሮች ለጊዜው ደብዘዝ ይላሉ። ይህ የሚታይ ነገር ነው፤ ቅባቱ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ያስወግዳል ማለት ግን ቆዳው ውስጥ ገብቶ የሆነ ነገር ቀይሯል ማለት ነው። «መልክ»፣ «ይመስላል»፣ «ይታያል» የሚሉት ቃላት የምታገኟቸው የትልልቆቹ ኩባንያዎች ክሬም ላይ ሁሉ የሆነው ለዚህ ነው።

«ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» የሚለው ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የመድኃኒት ቋንቋ ነው። ሁለተኛ፣ እውነት አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ዘይት ቆዳቸው ላይ ሲነካ አለርጂ የሚያስነሳባቸው ሰዎች አሉ። የንብ ሰምም እንደዚሁ። ይልቅ «መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛው በኩል ትንሽ ቀብተው ይሞክሩ፤ ካሳከከዎት ወይም ከቀላ ይተዉት» ብሎ መጻፍ ሻጩንም ገዢውንም ይጠቅማል። ይህ ክልክል አይደለም፤ እንዲያውም ያስከብራል።

የመጨረሻው የልጁ ታሪክ ነው። የግል ምስክርነት ስለሆነ ነፃ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በማስታወቂያችሁ ውስጥ እስከገባ ድረስ የእናንተ ቃል ነው። በዚያ ላይ ማስታወቂያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በምስክርነት ውስጥ ያለን የጤና ተስፋም ሻጩ በማስረጃ እንዲደግፈው ይጠይቃል። የአንድ ልጅ ታሪክ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። ኤግዚማ በባሕሪው የሚመጣና የሚሄድ ሕመም ነው፤ በራሱ ጊዜም ጋብ ይላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሺያ ቅቤ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና የንብ ሰም ያለበት ወፍራም የሰውነት ቅባት። ደረቅና ሸካራ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ወዛ ያለ መልክ ይሰጣል። ገላዎን ከታጠቡ በኋላ ቆዳዎ ገና ረጠብ እንዳለ በክርን፣ በጉልበትና በተረከዝ ላይ ስስ አድርገው ይቀቡት። ሲቀቡት ቅባትነቱ ይሰማል፤ ጥቂት ደቂቃ ይስጡት። ሽቶ አልጨመርንበትም፤ የሚሸተው የጥቁር አዝሙዱ ነው፤ ሞቅ ያለ የቅመም ሽታ አለው። ሙቀት ላይ ይቀልጣል፤ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡት። በቤተሰባችን ጥቁር አዝሙድ ከጓዳ ጠፍቶ አያውቅም፤ ይህን ቅባትም ከዚያው አሰብነው።»

የባህሉ ነገር እንዳልጠፋ ልብ በሉ። ጓዳው አለ፤ ቤተሰቡ አለ፤ ሽታው አለ። የቀረው የበሽታው ዝርዝር ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት ይህኛው የተሻለ ይሸጣል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ስለ ቅባቱ ምንም አልነገረንም። ይወፍራል? ልብስ ያቆሽሻል? ምን ይሸታል? የኦንላይን ገዢ ዕቃውን አይነካውም፤ አያሸተውም። የሚፈልገው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ሁሌም የሚነሳ ቅሬታ አለ። «ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያለው ክሬም በትልቁ ኤግዚማ ብሎ ጽፏል። እነሱ ሲሉ ምነው እኔን ከለከሉኝ?» ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ለማግኘት ያንን ክሬም ገልብጡት። ከጀርባው ወይም ከካርቶኑ ላይ Drug Facts የሚል ርዕስ ያለበት ሳጥን ታገኛላችሁ። ያ ክሬም በመድኃኒትነት ነው የሚሸጠው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር በጣም የደቀቀ አጃ ነው። ኤፍዲኤ ደቃቅ አጃ በኤግዚማ ምክንያት የሚመጣን ቀላል ማሳከክ ለጊዜው ያስታግሳል ተብሎ እንዲጻፍበት ፈቅዷል፤ ግን ደንቡ ያስቀመጠውን መጠንና የጽሑፍ አቀራረብ የተከተለ፣ ፋብሪካውም በመድኃኒት አምራችነት የተመዘገበ ከሆነ ነው። ብጉር ላይም ተመሳሳይ ነው። ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበት የፊት መታጠቢያ «ለብጉር» ብሎ መጻፍ የሚችለው በዚህ መንገድ ስለሄደ ነው። ጥቁር አዝሙድ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ለአነስተኛ ሻጭ ያለው መንገድ የኮስሞቲክስ ቋንቋ ነው።

ጽሑፉን አስተካክላችሁም ዕቃው ድጋሚ ሊወርድ ይችላል። ይህ ሲሆን ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ። ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ኤትሲ ላይ ለአንድ ዕቃ እስከ 13 ታግ ማስገባት ይቻላል። ሻጩ መግለጫውን ያጸዳና ታጎቹ ውስጥ `eczema balm` እና `acne` እንዳሉ ይረሳቸዋል። አማዞን ላይ ደግሞ ገዢው የማያያቸው የፍለጋ ቃላት የሚገቡበት ሳጥን አለ፤ ገዢው ባያያቸውም ገበያው ያያቸዋል። ኤፍዲኤም ቢሆን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹ ላይ ሃሽታጎችንና ድረ ገጽ ጀርባ የተደበቁ የፍለጋ ቃላትን እየጠቀሰ ያውቃል። ሰው በኤግዚማ ስም ፈልጎ እንዲያገኛችሁ አድርጋችሁ ስለ ኤግዚማ አልተናገርኩም ማለት አይቻልም።

ፎቶውም ይናገራል። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ሌብል በፎቶ ይነበባል፤ «ፈዋሽ ቅባት» ካለ የመግለጫው ንጽሕና አይጠቅምም። «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ የቆሰለ ቆዳ ፎቶዎች ያለ አንድ ቃል በሽታ አድነናል ማለት ናቸው። የሱቁ ስም እንኳ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ዕቃው ራሱ «የኤግዚማ ቅባት» ተብሎ ከተሰየመማ ሌላውን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

የገዢ አስተያየት ለየት ይላል። ገዢ በራሱ ፈቃድ «ብጉሬን አጠፋልኝ» ብሎ ቢጽፍ እናንተ አላላችሁትም። ያንን አስተያየት ቆርጣችሁ ኢንስታግራም ላይ ስትለጥፉት ግን የእናንተ ይሆናል። ስር ገብታችሁ «እሰይ! ለብጉር እኮ ብለን ነው የሠራነው» ብትሉም እንዲሁ። መልሱ አጭር ይሁን፤ «ስለወደዱት ደስ ብሎናል፤ እናመሰግናለን» በቂ ነው።

ሌላም የማይሠራ መላ አለ። አንዳንዶች ከታች በትንሹ «ይህ ምርት በሽታን ለማከም የታሰበ አይደለም፤ አባባሉ በኤፍዲኤ አልተገመገመም» የሚል ይጨምራሉ። ያ ዓረፍተ ነገር ከቪታሚንና ከመሳሰሉት ተጨማሪ ምግቦች የተቀዳ ነው። እዚያ በሕግ ቦታ አለው፤ የቆዳ ቅባት ላይ ግን የለውም። ከላይ ያድናል ብሎ ከታች አያድንም ማለት ከላይ ያለውን አይሽረውም። «በኤፍዲኤ የጸደቀ» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። ኤፍዲኤ ከማቅለሚያዎች በቀር ኮስሞቲክስን ገበያ ከመውጣታቸው በፊት አያጸድቅም። ኤፍዲኤ ዘንድ መመዝገብ ከመጽደቅ ይለያል።

አሁን ወደ ማድያት ልመለስ። ስለ መልክ ብቻ የምንናገር ከሆነ «የቆዳ ቀለም ወጥ መስሎ እንዲታይ ያግዛል» የሚለው በኮስሞቲክስ ቋንቋ ውስጥ ነው፤ ምርቱ በእርግጥ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ። የማድያት ቅባቶች ችግር ግን ብዙ ጊዜ ከቃል ያልፋል። ውስጣቸው ሃይድሮኪኖን ካለ የቱንም ያህል ለስላሳ ቃል ብትመርጡ አያድናችሁም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ ሃይድሮኪኖን ያለበት የቆዳ ማንጫ ያለ ሐኪም ማዘዣ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥበት አሠራር የለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤፍዲኤ ይህን ለሚሸጡ 12 ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ልኳል። ሜርኩሪ ያለባቸው ማንጫዎች ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳሉ፤ ቀቢውን ብቻ ሳይሆን እቤት ያለውን ሕፃንም ጭምር። የጸሐይ መከላከያም ከቃል በላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጸሐይ መከላከያ መድኃኒት ነው፤ «ሺያ ቅቤ ተፈጥሯዊ ኤስፒኤፍ አለው» ብሎ መጻፍ ብቻውን ቅባቱን ወደዚያ ይወስደዋል። ሰው አምኖ ፀሐይ ላይ ቢውል ደግሞ ይቃጠላል።

ዕቃው ከወረደባችሁ መጀመሪያ ያንኑ ጽሑፍ በአዲስ ገጽ አትለጥፉት። ገበያዎቹ ይህን እንደ ማምለጫ ያዩታል፤ ሲደጋገም ሱቁ ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ርዕሱን፣ መግለጫውን፣ ታጉን፣ የተደበቁትን የፍለጋ ቃላት፣ ፎቶዎቹን፣ ሌብሉን፣ ተመሳሳይ የሆኑ ሌሎች ዕቃዎቻችሁንም ተራ በተራ እዩ። ሌብሉ ላይ ችግር ካለ አዲስ አሳትማችሁ አዲስ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ይግባኝ ስትጽፉ ቅባቱ ጥሩ ስለመሆኑ አትከራከሩ፤ እሱን አልጠየቁም። «ምርቱ ኮስሞቲክስ ነው፤ የሚከተሉትን ቃላት ከርዕስ፣ ከመግለጫና ከታግ አንስተናል፤ ሁለተኛው ፎቶ ተቀይሯል» ብላችሁ ምን እንዳደረጋችሁ ዘርዝሩ። ይግባኙን የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ የለውም።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ደንብ አለባችሁ፤ ደንብ 1223/2009 ይባላል። እዚያም ኮስሞቲክስ በሽታን አክማለሁ ማለት አይችልም። በተጨማሪ ለምትሉት ነገር ሁሉ፣ «ያለሰልሳል» ለሚለው ጭምር፣ ማስረጃ እንዲኖራችሁ ይጠብቃል።

«በአማርኛ ብጽፈውስ ማን ያውቃል?» የሚሉም አሉ። ማጣሪያው ላያነብ ይችላል። ሕጉ ግን በየትኛው ቋንቋ ተባለ ብሎ አይለይም፤ ቲክቶክ ላይ በአማርኛ «ለማድያት ፍቱን» ብላችሁ ሊንኩን ወደ ኤትሲ ከሰደዳችሁ ሁለቱ ተያይዘዋል። ሌብል ላይ ሲሆን ደግሞ የማይጠበቅ ነገር ይከተላል። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ ኮስሞቲክስ ሌብል ላይ የምርቱን ማስተዋወቂያ በሌላ ቋንቋ ከጻፋችሁ፣ ደንቡ የግድ የሚላቸው ጽሑፎች በሙሉ በእንግሊዝኛም በዚያ ቋንቋም መኖር አለባቸው። ማለትም የምርቱ ምንነት፣ መጠኑ፣ የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝርና የሚያስፈልጉት ማስጠንቀቂያዎች። አራት አውንስ የምትይዝ ብልቃጥ ላይ ይህን ሁሉ በሁለት ቋንቋ ማስፈር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለጌጥ ብላችሁ በአማርኛ ሁለት መስመር ከማሳተማችሁ በፊት ቦታው ይበቃ እንደሆነ ለክታችሁ እዩ።